ጧሪ ልጅና ውርስ፦ በእስራኤል ሕግ የወላጅ ቃል የት ድረስ ይጸናል?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ከምርቃቶቻችን ሁሉ የሚከብድ ምርቃት ነው። በጎንደር ገጠር ሳለን ጧሪው ማን እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። ከወላጆቹ ጋር በአንድ ግቢ የቀረው ልጅ ይጦራል፣ አብሮ ያርሳል፣ ከጎተራውም አብሮ ይበላል። የሚካፈሉት ነገር ቢኖር ከብትና የቤት ዕቃ ነው፤ እሱንም ሽማግሌ አስቀምጠው ይጨርሱታል። እዚህ እስራኤል ግን ወላጅ ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንድ አፓርታማ ነው። አፓርታማ እንደ ላም አንዱ ለአንተ አንዱ ለእኔ ተብሎ አይነዳም፤ ዋጋውም ትልቅ ነው፤ የሚተላለፈውም በመዝገብ ነው።

ጠቡ የሚጀምረው ከሰባቱ የሐዘን ቀን በኋላ ነው። አንዷ «እናቴን ዘጠኝ ዓመት ያጠብኳት፣ ሐኪም ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ፤ ቤቱም ላንቺ ነው ብላኛለች» ትላለች። ሌሎቹ «ሁላችንም ከአንድ ማሕፀን ወጣን፤ ልጅ ከልጅ አይበልጥም» ይላሉ። በሕሊና ሚዛን ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሕጉ ግን ብዙ ሰው በማይጠብቀው መንገድ ነው የሚመልሰው፤ ይህን ወላጅ በሕይወት ሳለ ማወቅ፣ ከሞተ በኋላ ከማወቅ በጣም ይለያል።

ኑዛዜ ከሌለ

የእስራኤል የውርስ ሕግ በ1965 የወጣ ነው። ሟች ኑዛዜ (ጽቫዓ) ካልተወ፣ ሕጉ ራሱ ያከፋፍላል። ሟች ባል ወይም ሚስት ካለው፣ የጋራውን የቤት ዕቃና መኪና የትዳር ጓደኛው ይወስዳል፤ ከቀረው ንብረት ደግሞ ግማሹ የእሱ ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ ለልጆች እኩል ይከፋፈላል። የትዳር ጓደኛው ቀድሞ ከሞተ ልጆች ሁሉንም እኩል ይካፈላሉ። ወንድና ሴት፣ ታላቅና ታናሽ ልዩነት የላቸውም። ከቀድሞ ትዳር የተወለደም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ልጅ ከወላጁ እኩል ይወርሳል። ከልጆች አንዱ ከወላጁ ቀድሞ ከሞተ፣ የእሱን ድርሻ የእሱ ልጆች ይወስዳሉ።

በዚህ አከፋፈል ውስጥ ማን ጦረ የሚል ጥያቄ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሌሊት የነቃችው ልጅና በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ የመጣው ልጅ አንድ ዓይነት ድርሻ አላቸው። ጭካኔ ይመስላል፤ ሆኖም ሕጉ ፍቅርና ድካም ሊለካ ስለማይችል ነው እንዲህ ያደረገው። መለካቱን ለወላጁ ትቶታል፤ የሚፈልግ ይናዘዝ ብሎ። በእስራኤል ሕግ ሰው ለፈለገው መናዘዝ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የግድ ይህን ያህል ይድረሰው የሚል አንቀጽ የለም።

«ቤቱ ላንቺ ነው» የሚለው ቃል

ይህ የጽሑፉ ዋና ነገር ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የውርስ ሕጉ 8ኛ አንቀጽ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ስለ እሱ ውርስ የተደረገ ስምምነት ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ከሞትኩ በኋላ ይድረስህ ተብሎ የተሰጠ ስጦታ በኑዛዜ ካልተጻፈ በቀር ዋጋ የለውም።

ስለዚህ እናት በሲግድ ቀን ቤት ሙሉ ዘመድ ባለበት፣ ቄሱም በተቀመጡበት፣ «እኔ ስሞት ይህ ቤት የጦረችኝ ልጄ ነው» ብትል፣ ሃምሳ ሰው ቢሰማም በሕግ ፊት ባዶ ቃል ነው። ይህ ለእኛ ለመቀበል ይከብዳል፤ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ከወረቀት በላይ ሆኖ ነው ያደግነው። ሌላው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። አራቱም ልጆች እናታቸው በሕይወት ሳለች ተሰብስበው «ቤቱን ለእህታችን ለቀናል» ብለው ቢፈርሙ፣ ጠበቃ ቢያጸድቀውም፣ ይህም አይጸናም። ከሞት በኋላ አንዱ ቢቀለብስ በዚያ ወረቀት መክሰስ አይቻልም።

በቃል የሚደረግ ኑዛዜ አለ፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። በሞት አልጋ ላይ ላለ ወይም ሞት ፊት ለፊት ለተደቀነበት ሰው ብቻ ነው። ሁለት ቋንቋውን የሚሰሙ ምስክሮች ሰምተውት፣ ቀኑንና ሁኔታውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በቶሎ ወደ ውርስ መዝጋቢው ማስገባት አለባቸው። ሰውየው ከዚያ ሁኔታ ወጥቶ አንድ ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይሰረዛል። ከበሽታ የዳነች እናት «ያን ጊዜ ሆስፒታል ተናዝዣለሁ» ብላ እንዳትተማመን።

አንድ ምሳሌ፣ ከነቁጥሩ

ለማስረዳት ያህል አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናት የ81 ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በነታንያ በስሟ የተመዘገበ አፓርታማ አላት። አራት ልጆች አሏት። ታላቋ ልጅ በሚቀጥለው ሕንፃ ትኖራለች፤ አንዱ ወንድ ልጅ ሀይፋ፣ ሁለተኛው ቤርሼባ፣ ትንሿ አሽቀሎን ናቸው። ታላቋ ዘጠኝ ዓመት ጦረች። በእነዚህ ዓመታት ከኪሷ ለታክሲ፣ ለመድኃኒት፣ ለሽንት ጨርቅና ለመታጠቢያ ቤት እጀታ 24,000 ሼቄል አውጥታለች፤ ደረሰኞቹም አሏት። እናት ስትሞት አፓርታማው 1,200,000፣ በባንክም 60,000 ሼቄል ተገኘ። ድምሩ 1,260,000 ነው። ኑዛዜ የለም።

ሕጉ እንዳለ ቢሄድ ለእያንዳንዱ 315,000 ይደርሳል። ታላቋ ያወጣችው 24,000 በራሱ አይመለስላትም። ብድር ነው የሚል ነገር ካልተጻፈ፣ ወንድሞች «ለእናትሽ ብለሽ በፈቃድሽ ያወጣሽው ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤትም ያንን ሊቀበል ይችላል።

መንገድ ግን አልተዘጋም። ከሞት በፊት የተከለከለው ስምምነት ከሞት በኋላ ይፈቀዳል። ውርሱ ሳይከፋፈል ወራሽ ድርሻውን በሙሉ ወይም በከፊል በጽሑፍ መተው ይችላል፤ ለተለየ ሰው ልተው ካለም ለሟች ባል ወይም ሚስት፣ ለሟች ልጅ፣ ወይም ለሟች ወንድምና እህት ብቻ መተው ይችላል። እህታቸው የሟች ልጅ ስለሆነች ይቻላል። ለጎረቤት ወይም ለአጎት ልጅ ግን በዚህ መንገድ አይተውም።

እንግዲህ ልጆቹ ተቀምጠው ሁለት ነገር ተስማሙ እንበል። አንደኛ፣ በደረሰኝ የተያዘው 24,000 ከሁሉ በፊት ለታላቋ ይመለስ። የቀረው 1,236,000 ለአራት ሲካፈል 309,000 ነው። ሁለተኛ፣ የሀይፋውና የአሽቀሎኗ «ድካምሽን አይተናል» ብለው ከድርሻቸው አንድ ሦስተኛ ተዉላት፤ ይህም ከእያንዳንዳቸው 103,000 ነው። የቤርሼባው ቤት ለመግዛት ብድር ስላለበት መተው አልቻለም፤ ሙሉውን ወሰደ። በመጨረሻ ታላቋ 515,000 እና የተመለሰላት 24,000፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 206,000፣ የቤርሼባው 309,000 ደረሳቸው። እኩል አይደለም፤ ግን ሁሉም ለምን እንዳልሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለ ስምምነት የሚያምረው የቤርሼባው ልጅ ሳይሰደብ ስላለፈ ነው። መተው ግዴታ አይደለም፤ ሽማግሌም ሊለምን እንጂ ሊያስገድድ አይችልም።

ወላጅ በሕይወት ሳለ፦ ኑዛዜውና በክፍሉ ውስጥ የሚገኘው ሰው

እናትየዋ ለጧሪ ልጇ ይበልጥ መስጠት ከፈለገች ትክክለኛው መሣሪያ ኑዛዜ ነው። ከቃሉ ኑዛዜ ሌላ ሦስት ዓይነት አለ። ሙሉ በሙሉ በራስ እጅ ተጽፎ ቀንና ፊርማ ያለበት፤ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚፈረም፤ ወይም በባለሥልጣን ፊት፣ ማለትም በዳኛ፣ በውርስ መዝጋቢ ወይም በኖታሪዮን ፊት የሚደረግ። በራስ እጅ የሚጻፈው በአማርኛም ቢሆን ይሆናል። ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ ልጅ ከጻፈበት፣ ወይም በኮምፒዩተር ከተጻፈ፣ የእጅ ኑዛዜ መሆኑ ቀረ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ወላጅ ከሁሉ የሚሻለው የኖታሪዮኑ መንገድ ነው። ወጪ አለው፣ ለመሻር ግን ይከብዳል።

አብዛኛው ኑዛዜ የሚፈርሰው በይዘቱ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። የሕጉ 35ኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ኑዛዜውን ያዘጋጀ፣ ምስክር የሆነ፣ ወይም በሌላ መንገድ በአሠራሩ የተካፈለ ሰው በዚያ ኑዛዜ የተሰጠው ነገር ይሰረዛል። የእሱ ባል ወይም ሚስት የተሰጣቸውም እንዲሁ። አሁን የእኛን ቤት አስቡት። እናት ዕብራይስጥ አትናገርም። ጠበቃውን የምትፈልገው ጧሪዋ ልጅ ናት፣ የምትከፍለው እሷ ናት፣ በመኪና የምታደርሰው እሷ ናት፣ አጠገብ ተቀምጣ የምታስተረጉመውም እሷ ናት። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ እንደ ወትሮው እናቷን እያገለገለች ነው። ወንድሞች ከተቃወሙ ግን ይህ ሁሉ ተደምሮ በኑዛዜው ተካፍላለች ሊያሰኝና የደከመችበትን ሊያሳጣት ይችላል።

ስለዚህ የሚጠቀመው ልጅ ከክፍሉ ይውጣ። ጠበቃውን ሌላ ሰው ይፈልግ፤ ከሁሉም የሚሻለው አማርኛ የሚናገር ጠበቃ ነው፤ ካልተገኘ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አስተርጓሚ ይቅረብ። ክፍያው ከእናትየዋ ሂሳብ ይውጣ። ኑዛዜው በዕብራይስጥ ከተጻፈ በአማርኛ ተነቦላት እንደገባት በሰነዱ ላይ ይስፈር። ምስክሮቹ ጎረቤት ይሁኑ፣ የልጅ ባል አይሁን።

ሌላው የመቃወሚያ ምክንያት የወላጁ አእምሮ ነው። የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው መናዘዝ አይችልም ማለት አይደለም፤ በዚያ ቀን ምን እያደረገ እንደሆነ፣ ምን ንብረት እንዳለው፣ ለማን እየሰጠ እንደሆነ ማወቁ ነው የሚታየው። ዕድሜው የገፋ ሰው በዚያው ሰሞን ከአረጋውያን ሐኪም (ጌሪያተር) ደብዳቤ ቢያወጣ ከዓመታት በኋላ ለሚነሣ ክርክር መልስ ይሆናል። ፍርድ ቤት የሚያየው ሌላም ነገር አለ፤ ወላጁ በጧሪው ላይ ምን ያህል ተደግፎ ነበር፣ ከሌሎች ልጆችስ ተነጥሎ ነበር ወይ? እህቶቿን በር ላይ የምትመልስ ጧሪ፣ ስልክ የማታቀብል ጧሪ፣ ሳታውቅ የራሷን ኑዛዜ እያፈረሰች ነው።

አንዳንድ ወላጆች ኑዛዜውን ትተው ቤቱን ገና በሕይወት ሳሉ በልጅ ስም ያዛውራሉ። ስጦታው በታቡ ተመዝግቦ ካለቀ የጸና ነው፤ ለግብር መሥሪያ ቤትም ሪፖርት ይደረጋል። ችግሩ መመለስ አለመቻሉ ነው። ልጁ ቢፋታ፣ ዕዳ ቢገባ ወይም ከወላጁ ቀድሞ ቢሞት፣ አሮጊቷ በሰው ቤት ተቀማጭ ሆነች ማለት ነው። በእኔ በኩል ኑዛዜ ይመረጣል እላለሁ፤ ኑዛዜ ሐሳብ ሲቀየር ይቀየራል።

አንድ ተረስቶ የሚገኝ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አባት ከአሥር ዓመት በፊት ሞቶ የውርስ ትእዛዝ ሳይወጣለት ከቀረ፣ አፓርታማውም በሁለቱ ስም ከነበረ፣ እናት የሙሉ ቤቱ ባለቤት አይደለችም። የራሷ ግማሽ አላት፤ ከአባት ግማሽ ደግሞ ግማሹ የእሷ ነው። የቀረው አንድ አራተኛ በሕግ የልጆቹ ሆኗል። እሷ መናዘዝ የምትችለው በሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ከኑዛዜ በፊት የታቡን ወረቀት አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

የአሚዳር ቤት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ቤቱ የመንግሥት እንጂ የወላጅ ንብረት ስላልሆነ አይናዘዙበትም፣ ልጆችም አይካፈሉትም። አብሮ ይኖር የነበረ ሰው በቤቱ የመቀጠል መብት ይኖረው እንደሆነ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው፤ ሁኔታው ጥብቅ ስለሆነ ወላጁ ገና በሕይወት ሳለ ኩባንያውን መጠየቅና አብሮ መኖርን በመታወቂያ አድራሻ ማስመዝገብ ይበጃል።

የእናት ካርድ በማን ኪስ ነው?

ከቤቱ ቀጥሎ የሚያጣላው የባንክ ሂሳብ ነው። ብዙ አረጋውያን ልጃቸውን በሂሳባቸው ላይ አስገብተዋል፤ የቢቱዋህ ሌኡሚ ገንዘብ እንድታወጣላቸው፣ የመብራትና የውሃ እንድትከፍል። እናት ስትሞት ልጅቷ «ሂሳቡ የጋራ ነው፤ ባንኩም አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀጥል የሚል ፈርመናል ብሏል» ትላለች። ባንኩ እውነቱን ነው፣ ገንዘቡን ሊሰጣት ይችላል። ነገር ግን ያ ፊርማ በባንኩና በደንበኞቹ መካከል ያለ ጉዳይ ነው እንጂ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይወስንም። ገንዘቡ የእናት ጡረታ ከሆነና ልጅቷ ለማገልገል ብቻ ከገባች፣ ወንድሞች የውርስ አካል ነው ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ውክልናም ቢሆን ሰውየው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከሞት በኋላ በካርድ የወጣ እያንዳንዱ ሼቄል ይጠየቅበታል፣ ለተዝካር የወጣም ቢሆን።

መድኃኒቱ አንድ ደብተር ነው። በወር አንድ ገጽ፤ የገባው ምን ያህል፣ የወጣው ለምን፣ ደረሰኙ በፖስታ። ደብተሩን ለወንድሞች በሦስት ወር አንዴ በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። ውርደት የሚመስላቸው አሉ፤ «እኔ ሌባ ነኝ ወይ?» ይላሉ። ደብተሩ የሚጠቅመው ግን ከሁሉ በላይ ለያዘችው ነው። በደብተር የተያዘ ወጪ ሲጠየቅ ይመለሳል፤ ያልተያዘ ወጪ ግን ሐሜት ይሆናል።

ስለ ቀብር ወጪም ሕጉ ግልጽ ነው። ከውርሱ በመጀመሪያ የሚወጣው በልማድ ልክ የቀብርና የመቃብር ድንጋይ (ማጼቫ) ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የውርስ ትእዛዝ ማውጫ ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ። የቀረው ነው የሚካፈለው። ሰባቱን ቀንና ተዝካሩን ማን ይመግብ የሚለው ግን በልጆች ስምምነት ያልቃል፤ አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል።

ሸክሙን መካፈል፣ ገና ወላጅ ሳይሞት

ከውርስ ጠብ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የእንክብካቤ ቂም አለ። አንዷ ሁሉን ተሸክማ ሌሎች ያላዩት ቂም ነው። ስለ ውርስ መስማማት ቢከለከልም፣ ስለ ወጪና ስለ ሥራ ክፍፍል በወላጅ ሕይወት መስማማት ይፈቀዳል። ከላይ ባነሣነው ቤተሰብ የእናት ጡረታ ሳይበቃ በወር 1,500 ሼቄል ይጎድላል እንበል። ሩቅ ያሉት ሦስቱ 500 በቋሚ የባንክ ትእዛዝ ቢያስገቡ፣ ቅርብ ያለችው ጊዜዋን ሰጥታለችና ገንዘብ አትከፍልም። ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ አራቱ ቢፈርሙበት፣ 24,000ው ሼቄል ከእሷ ኪስ ባልወጣም ነበር። ሩቅ ያለ ልጅም በእጁ የሚሠራው አለ፤ በስልክ የሐኪም ቀጠሮ መያዝ፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ ወረቀት መሙላት፣ በወር አንድ ሻባት መጥቶ እህቱን ማሳረፍ።

የመንግሥት ድጋፍም ሸክሙን ያቀልላል። በቤቱ የሚኖር፣ የጡረታ ዕድሜ የደረሰና ለዕለት ተዕለት ነገር የሰው እጅ የሚያስፈልገው ሰው ከቢቱዋህ ሌኡሚ የእንክብካቤ ድጋፍ (ጊምላት ሲዑድ) ይጠይቃል። ስድስት ደረጃ አለው። የሚታየው የራሱ የአረጋዊውና የትዳር ጓደኛው ገቢ እንጂ የልጆቹ ገቢ አይደለም። ከልጅ ጋር መኖርም አይከለክልም። መርማሪ ቤት መጥቶ የሚጠይቀው መልበስን፣ መታጠብን፣ መብላትን፣ በቤት ውስጥ መንቀሳቀስንና ሽንት ቤትን ነው፤ ብቻውን ቢቀር አደጋ ያለበት መሆኑንም ያያል።

እዚህ ላይ የእኛ ጨዋነት ብዙ ያስከፍለናል። እናት እንግዳ መጣ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሁሉን ራሴ እሠራለሁ» ትላለች፤ ቡና ላፍላ ትላለች። መርማሪው ያየውን ይጽፋል። ልጅቷም በእናቷ ፊት «አይ፣ እኔ ነኝ የማጥባት» ማለት ነውር ይሆንባታል። ውጤቱ ዝቅተኛ ደረጃ ወይም ጨርሶ አይገባትም የሚል ደብዳቤ ነው። ከቀኑ በፊት ለእናት ቀስ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ መርማሪው እንግዳ አይደለም፣ እንደ ሐኪም ነው፣ የሌሊቱንም የክፉውንም ቀን ይስማ። የመውደቅ ታሪክና የሐኪም ወረቀት ይዘጋጅ። የተሰጠው ደረጃ ካልተስማማ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

ሌላው አስቀድሞ የሚሠራ ወረቀት ቀጣይ ውክልና (ይፑይ ኮአሕ ሚትማሼኽ) ነው። ከ2017 ጀምሮ ሰው አእምሮው ጤናማ ሳለ፣ ለዚህ በተመዘገበ ጠበቃ ፊት፣ አንድ ቀን መወሰን ሲያቅተኝ በገንዘቤና በሕክምናዬ ይህ ልጄ ይወስን ብሎ መጻፍ ይችላል። አንዱን ለገንዘብ፣ ሌላውን ለሕክምና መሾም ይቻላል፤ ለቀሩት ልጆች ሪፖርት ይደረግ ብሎም ማዘዝ ይቻላል። ይህ ካልተደረገ ልጆች በፍርድ ቤት አፖትሮፖስ ማስሾም ይኖርባቸዋል፤ ማን ይሾም በሚለውም የመጀመሪያው ክስ ይጀመራል፣ ወላጁ ገና በሕይወት ሳለ።

ከሞት በኋላ ወረቀቱ የት ይሄዳል?

ኑዛዜ ካለ የኑዛዜ ማጽኛ፣ ከሌለ የውርስ ትእዛዝ ከውርስ መዝጋቢው (ራሻም ሌኢንያኔይ ዬሩሻ) ይጠየቃል። ጥያቄው በሕዝብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ መቃወሚያ ያለው ሰው 14 ቀን አለው፤ ትእዛዙ እስኪወጣ ድረስ ዘግይቶ የመጣ መቃወሚያም አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ተቃውሞ ከቀረበ ጉዳዩ ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። የረቢዎች ፍርድ ቤት ሊያየው የሚችለው ጉዳዩ የሚነካቸው ሁሉ በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው። እስራኤል ውስጥ የውርስ ግብር ከ1981 ጀምሮ የለም፤ «መንግሥት ግማሹን ይወስዳል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

በጥያቄው ላይ የሟች ልጆች በሙሉ በመሐላ ይዘረዘራሉ። በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል አይደለም። አንዱ ልጅ በአያቱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ተመዝግቦ የአንድ እናት ልጆች የተለያየ የቤተሰብ ስም በመታወቂያቸው ይገኛል። የልደት ቀኑም በግምት ነው። ዝምድናን የሚያሳይ የሕዝብ መዝገብ ወረቀት ከሀገር ውስጥ ሚኒስቴር ቀድሞ ማውጣት ጊዜ ይቆጥባል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የቀረ ልጅም ካለ እኩል ወራሽ ነው፤ የእስራኤል ዜጋ አለመሆኑ ድርሻውን አይቀንስም። «እሱ እዚያ ነው፣ አያውቅም» ብሎ ከዝርዝሩ መተው የሐሰት መሐላ ነው። ከዓመታት በኋላ ቢታወቅ ትእዛዙ ሊስተካከል፣ የተካፈለውም ሊመለስ ይችላል።

ሽማግሌዎችና ቄሶች አስታርቀው ስምምነት ላይ ከደረሱ፣ ስምምነቱን ጠበቃ በጽሑፍ አድርጎት፣ የሚተው ሰውም የመተው መግለጫውን በመሐላ ፈርሞ፣ ከክፍፍሉ በፊት ለመዝጋቢው ወይም ለፍርድ ቤቱ ይገባል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የሕግ ድጋፍ (ሲዩዓ ሚሽፓቲት) ቢሮ መጠየቅ ይችላል፤ የገቢ ማስረጃና መታወቂያ ይዞ ይሂድ፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገውም ቀጠሮ ሲይዝ ይናገር።